ከቧንቧ እስከ ብርጭቆ፦ ኮሌራና ታይፎይድ በቤታችን ውስጥ የሚያልፉባት አጭር መንገድ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ የሚያውቀው ልማድ አለ። ውሃው በሌሊትም ይሁን በጠዋት ሲመጣ ሁሉም ይነሳል፤ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ በርሜሉና ሮቶው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በተጠራቀመው ውሃ ይታለፋሉ። በደሴ ከሰኞ ገበያ አካባቢ እስከ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ቁልቁል ወርደው ደግሞ በኮምቦልቻ፣ ይህ የብዙ ቤቶች ኑሮ ነው።

ስለ ኮሌራና ስለ ታይፎይድ ስናስብ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠረጥረው ወንዙን፣ ምንጩን ወይም የቧንቧ መስመሩን ነው። ጥርጣሬያችን ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ለአንድ የከተማ ቤተሰብ ትልቁ አደጋ ውሃው ቤት ከገባ በኋላ ባለችው አጭር መንገድ ላይ፣ ማለትም ከጀሪካኑ እስከ ብርጭቆው ባለው ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል። መልካሙ ነገር ይህችን መንገድ መዝጋት በእርስዎ እጅ መሆኑ ነው።

ሁለት በሽታዎች፣ አንድ መንገድ

ኮሌራና ታይፎይድ በተለያዩ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ፤ ጠባያቸውም ይለያያል። መንገዳቸው ግን አንድ ነው። ከታመመ ሰው ሰገራ ይወጡና በውሃ፣ በምግብ ወይም በእጅ አማካይነት ወደ ሌላ ሰው አፍ ይገባሉ። ይህን ሰንሰለት በአንድ ቦታ ላይ የበጠሰ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይከላከላል።

ኮሌራ ፈጣን ነው። ባክቴሪያው ወደ አንጀት ከገባ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ሊጀምር ይችላል። ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ አንጀት ውሃና ጨው ያለማቋረጥ እንዲያፈስ ያደርገዋል፤ ተቅማጡም ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ከባድ ቁርጠትም ሆነ ከፍተኛ ትኩሳት የለውም፤ ሰውየው ግን በሰዓታት ውስጥ ብዙ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። በሌላ በኩል ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም ወይም ቀላል ተቅማጥ ብቻ ይይዛቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት ለቀናት ባክቴሪያውን በሰገራቸው ያስወጣሉ። «እኛ ቤት የታመመ የለም» ማለት «እኛ ቤት ባክቴሪያው የለም» ማለት ያልሆነው ለዚህ ነው።

ታይፎይድ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተበከለው ውሃ ወይም ምግብ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ትኩሳቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የሆድ ሕመም አብረው ይመጣሉ። ተቅማጥ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ አንዳንዱን እንዲያውም ሆድ ድርቀት ይይዘዋል። ባክቴሪያው የሚኖረው በሰው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ታይፎይድ የያዘው ሰው ሁሉ ያገኘው ከሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደባለቅ ማረም ይጠቅማል። በሰፈር ወሬ «ታይፎይድና ታይፈስ» አብረው ይነሳሉ፤ በብዙ ክሊኒኮችም አብረው ይመረመራሉ። ታይፈስ ግን በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው። ውሃ ማከምና ጀሪካን ማጠብ ታይፎይድን እንጂ ታይፈስን አይከላከልም።

ከሩቅ የመጣ የሚመስለው ወረርሽኝ

ኮሌራ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ጨምሮ በበርካታ አካባቢዎች የተስፋፋው ወረርሽኝ ሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው «አተት» በሚለው ስሙ ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአማራ ክልል ዋግ ኽምራና ሰሜን ጎንደር ውስጥ በሽታው ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በኦሮሚያ ባሌ ዞን የጀመረው ሌላ ወረርሽኝ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ብዙ ክልሎችን አዳርሷል።

ከእነዚህ ሁሉ ለቤተሰብ ትምህርት የሚሆነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል አካባቢ የደረሰው ነው። ለፈውስ ከየአቅጣጫው የመጣ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ላይ ሰፍሮ ነበር። ብዙ ሰው ጥቂት የውሃ ቦታና ጥቂት መጸዳጃ ቤት ሲጋራ፣ የአንድ ሰው ሕመም በፍጥነት የብዙዎች ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ደግሞ በሽታውን ሳያውቀው ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ እስከ አምስት ቀን ድረስ ምልክት ላይታይ ይችላልና።

ስለዚህ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ ወይም ለንግድ ርቆ የሄደ የቤተሰብ አባል ወረርሽኝ ካለበት አካባቢ ሲመለስ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥንቃቄ ማጥበቅ ብልህነት ነው። ጥንቃቄው ሰውየውን ማግለል አይደለም። እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፣ ለጊዜው ምግብ እንዳያዘጋጅና ከመጠጥ ውሃው ዕቃ እጁን ነክሮ እንዳይቀዳ ማድረግ ብቻ ነው።

ንጹሕ ሆኖ የተነሳው ውሃ በመንገድ ላይ

የከተማ ውሃ ከማጠራቀሚያው ሲለቀቅ ክሎሪን ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ቧንቧው ሁልጊዜ በውሃ ሲሞላ ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ ቢኖር እንኳ ውሃው ይወጣል እንጂ ከውጭ ምንም አይገባም። ፈረቃው አልቆ መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግፊቱ ስለሚወርድ በቧንቧው ዙሪያ ያለው እርጥበት በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። አጠገቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ቦይ ካለ የሚሳበው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ምክንያት ከቆየ መቋረጥ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ በጣም አጠራጣሪ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይደፈርሳል፤ ዝገትና አፈር ይዞ ይመጣል። የመጠጡን ጀሪካን በዚህ ውሃ አይሙሉ። በመጀመሪያ ለጽዳት የሚሆነውን ባልዲ ይሙሉ፤ ውሃው ሲጠራ የመጠጡን ዕቃ ያምጡ። መጥራቱ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። የውሃው መጥራት የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚጨመረው ክሎሪን በአፈሩ ላይ እንዳይባክን ነው።

ከጀሪካኑ እስከ ብርጭቆው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) በሕንድ ካልካታ ከተማ ድሃ ሰፈሮች ተመራማሪዎች የኮሌራ በሽተኛ ያለባቸውን ቤተሰቦች ተከታተሉ። ለአንዳንዶቹ የመጠጥ ውሃቸውን የሚያስቀምጡበት አፈ ጠባብ እንስራ ሰጡ። እንስራው የሚቀዳው በማዘንበል ነው፤ እጅም ሆነ ኩባያ አያስገባም። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ባክቴሪያው ወደ ሌሎቹ የቤተሰብ አባላት መተላለፉ ዕቃው ካልተሰጣቸው ቤቶች ጋር ሲነጻጸር በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። የተለወጠው የዕቃው አፍ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አፈ ሰፊ ባልዲ ወይም በርሜል በቤት ውስጥ ሲቀመጥ ሁሉም ሰው ጣሳውን ይነክርበታል። ጣሳውን የያዙት ጣቶች ውሃውን ይነካሉ። ልጅ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ በጥድፊያ ይቀዳል፤ ጣሳው ወለል ላይ ይቀመጥና ተመልሶ ይገባል። ጠዋት ንጹሕ የነበረው ውሃ ማታ ንጹሕ አይሆንም።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፤ አምስት ሰዎች ይኑሩበት። አንድ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ቢጠጣ ቤተሰቡ በቀን 10 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህ ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ቀን ይበቃል። ሮቶውንና በርሜሉን በሙሉ ማከም አያስፈልግም፤ ለመጠጥ፣ ጥርስ ለመቦረሽና ሳይበስል ለሚበላ ነገር የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን ለብቻው ይለዩ። ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ምልክት ያድርጉበት። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን አሮጌ ጀሪካን ለዚህ ሥራ አይግዙ።

መጀመሪያ ጀሪካኑን ይጠቡ። ጣትዎን በአፉ በኩል አስገብተው ግድግዳውን ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ፣ ያ ልስላሴ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው፤ ክሎሪንም ቶሎ ዘልቆ አይገባውም። ሳሙና፣ ጥቂት ውሃና እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ጨምረው በደንብ ይነቅንቁት፤ ከዚያ አለቅልቀው ያፍሱት። ማሟለጩ እስኪጠፋ ይድገሙት። ክዳኑንም አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ቀጥሎ ጀሪካኑን በጠራ ውሃ ይሙሉና ክሎሪን ይጨምሩ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ለመጠጥ ውሃ የተዘጋጀ ምርት ካገኙ መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብበው በዚያው ልክ ይጠቀሙ። እሱ ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበትና በላዩ ላይ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት በረኪና ይሠራል። ለ20 ሊትር የሚበቃው 40 ጠብታ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። መጠኑ ያልተጻፈበት፣ መዓዛ ያለው ወይም ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ የቆመ በረኪና ለመጠጥ አይሆንም፤ በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣል።

ክዳኑን ዘግተው ይነቅንቁና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ያሽትቱት። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለ ሥራው ተሳክቷል። ሽታው ቢያስጠላዎ ውሃውን ከአንድ ንጹሕ ማሰሮ ወደ ሌላ ንጹሕ ማሰሮ ቢያፈሱት ይቀንሳል። ምንም ሽታ ከሌለ ያንኑ መጠን አንዴ ይድገሙና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። አሁንም ሽታ ከሌለ ወይ በረኪናው ደክሟል ወይ ውሃው በጣም ቆሽሿል፤ ያንን ውሃ ለወለል ያድርጉት።

በመጨረሻ ከጀሪካኑ በማዘንበል ይቅዱ። ከተቻለም ግርጌው ላይ ቧንቧ የተገጠመለትና የሚከደን ባልዲ ይጠቀሙ። ለሕፃናት የሚመቸው ይኸኛው ነው።

ማፍላትስ?

ማፍላት ኮሌራንም ታይፎይድንም ይገድላል። በከፍታ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይመከራል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው በደንብ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሦስት ደቂቃ ይተዉት።

የማፍላት ድክመት የሚጀምረው ከእሳቱ ከወረደ በኋላ ነው። ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ ውስጥ የቀረው ክሎሪን በኋላ የሚገባን ባክቴሪያም ይገድላል። የፈላ ውሃ ግን ምንም ጠባቂ የለውም። ባልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ከገለበጡት ወይም ጣሳ ከነከሩበት ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በፈላበት ድስት ውስጥ እንደተከደነ ይብረድ፤ ከዚያ በታጠበ አፈ ጠባብ ዕቃ ያስቀምጡት፤ በአንድ ቀን ውስጥም ይጨርሱት።

በብዙ ቤቶች ያለው ሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያ ጥሩ ረዳት ነው። ሻማው ከተሰነጠቀ ወይም የታችኛው ክፍል ካልታጠበ ግን የተጣራው ውሃ ከላይኛው ሊብስ ይችላል። በነጠላ አጥፎ ማጥለል ድፍርሱን ይቀንሳል እንጂ የታይፎይድን ባክቴሪያ አይዝም፤ ከክሎሪን በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ውሃው ታክሞ በሽታው የሚገባባቸው በሮች

የመጠጥ ውሃውን በጥንቃቄ የሚያክም ቤተሰብ በሌላ በር ሊጠቃ ይችላል። በሶ በምን ውሃ ተበጠበጠ? ተልባውና ጭማቂውስ? ለሕፃኑ ወተት ዱቄቱ የተበጠበጠው ከየትኛው ጀሪካን ነው? በረዶው ከየት መጣ? በእሳት ሳያልፍ የሚጠጣ ነገር ሁሉ የመጠጥ ውሃን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሰላጣ ሌላው በር ነው። ከተማ አቋርጦ በሚያልፍ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት የከተማውን ፍሳሽ በቅጠሉ እጥፋት ይዞ ሊመጣ ይችላል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ አስተማማኝ አይደለም። ወረርሽኝ ባለበት ወቅት ሰላጣና ጥሬ ጎመን ይቅር፤ ቆስጣው ይቀቀል፤ ቲማቲሙም ወጥ ውስጥ ይግባ። የሚላጥ ፍራፍሬ፣ እንደ ሙዝና ብርቱካን ያለው፣ እጅ ታጥቦ ከተላጠ ችግር የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነንና እጅ ወሳኝ ነው። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያ ማቅረብ መልካም ባህላችን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሃው ጣት ላይ ጠብ ብሎ ያበቃል። ከማስታጠቢያው ጋር ሳሙና ይቅረብ፤ መዳፍ፣ የጣት መሐልና ጥፍር 20 ሴኮንድ ያህል ይፈተግ። ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ የልጅ ዳይፐር ከተቀየረ በኋላና ምግብ ከመሥራት በፊት ይህ ግዴታ ነው። ጉርሻ የሚያጎርስ እጅ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ንጹሕ መሆን አለበት።

ታይፎይድ ከያዛቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ከዳኑ በኋላም ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ለዓመታት ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ከመቶ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ የኖረችው ወጥ ቤት ሠራተኛ ሜሪ ማሎን በዚህ ትታወቃለች፤ ራሷ ሳትታመም ያገለገለቻቸውን በርካታ ቤተሰቦች በበሽታው አስይዛለች። የቤት ሠራተኛዎም ሆነ እርስዎ ይህን ተሸክማችሁ እንደሆነ በመልክ አይታወቅም። ስለዚህ ሳሙናው ለሁሉም እኩል ይቀመጥ።

የታመመ ሰው ካለ

ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ የጀመረው ሰው በቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እስኪደርስ ድረስ ግን ዝም ብሎ አይጠበቅም። ብዙዎቻችን «ለምለም» የምንለውን የኦ.አር.ኤስ ፓኬት በታከመ 1 ሊትር ውሃ ይበጥብጡና በትንሽ በትንሹ፣ ግን ሳያቋርጡ ያጠጡ። ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ጨው አያብዙ። ቢያስታውከው አሥር ደቂቃ ጠብቀው ይቀጥሉ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ዓይን መሰርጎድ፣ ሽንት መጥፋት፣ የቆዳ መሸብሸብና መፍዘዝ ከታየ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ትውከትና ሰገራ የነካውን ወለል ለማጽዳት አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀላቅሉ፤ አፍስሰው አሥር ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ያጽዱት። ይህ ውሕድ ለወለል ብቻ ነው፤ ለመጠጥም ለሰውነትም አይሆንም።

ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት ካለ ደግሞ ታይፎይድ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይ። በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም ወይም ሌላ ትኩሳት «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል። የተሻለው ማረጋገጫ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ምርመራ ነው። በየወሩ «ታይፎይድ ተገኘብኝ» የሚል ሰው ካለ፣ መድኃኒት ከመደጋገም በፊት ይህን ምርመራ ሐኪሙን ይጠይቅ። የተጀመረ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ትኩሳቱ ቢለቅ እንኳ እስከ መጨረሻው ይወሰዳል፤ ያልታከመ ታይፎይድ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አንጀት ሊበሳ ይችላልና።

ውሃ በሚቀጥለው ፈረቃ ከመምጣቱ በፊት ለመጠጥ የሚጠቀሙበትን ጀሪካን ክዳኑን ከፍተው ጣትዎን ያስገቡ። ግድግዳው ካሟለጨ ከሳሙናውና ከጠጠሩ ይጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምሩት ክሎሪን ሥራውን ይሠራል።